ራይት ሳይሆን ቁጥር ይጻፉ፦ ለትንሽ ሱቅ የመክፈቻና የመዝጊያ ቅጽ

ጥያቄ፦ ጎንደር አራዳ አካባቢ ትንሽ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ሁለት ልጆች ይሠራሉ፤ አንዷ ጠዋት ትከፍታለች፣ አንዱ ማታ ይዘጋል። ከጓደኛዬ 38 ነጥብ ያለው ቼክሊስት ወስጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላቸው። ሁለት ሳምንት ሞሉት፤ ከዚያ በኋላ ሳየው የሳምንቱ ሁሉ ራይት በአንድ እስክሪቢቶ፣ በአንድ ቀን የተደረገ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ 340 ብር ጎደለ። እሷ «ማታ ነው የጎደለው» ትላለች፣ እሱ «ጠዋት ነው» ይላል። ምን ዓይነት ወረቀት ላዘጋጅላቸው? ከፈረሙበትስ የጎደለውን ከደመወዛቸው መቁረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጆቹ ሰንፈው አይመስለንም። ወረቀቱ ምንም አይጠይቃቸውም ነበር። «ፍሪጅ ታይቷል»፣ «ሱቁ ንጹሕ ነው»፣ «ሒሳብ ተሠርቷል» የሚሉ መስመሮች ፍሪጁ አጠገብ ሳይደርሱ ራይት ሊደረጉ ይችላሉ። «የፍሪጁ ቴርሞሜትር ስንት ይላል?» የሚል መስመር ግን ሄዶ ሳያዩ አይሞላም። በግምት የሚሞላ ቢኖር እንኳ ሰባቱንም ቀን «4» ስለሚጽፍ በሳምንቱ መጨረሻ ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ 38ቱን ነጥብ ወደ 15 ገደማ ማውረድ፣ ከዚያም በተቻለ መጠን ራይቱን በቁጥር መተካት ነው። ራይት የሚቀረው መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ለሆነ ነገር ነው።

ወረቀቱ ለአንድ ቀን አንድ ገጽ ይሁን። የሳምንት ሠንጠረዥ ሰባት ዓምድ ስላለው ያለፈውን ቀን በኋላ ለመሙላት ይጋብዛል። እርስዎም የገጠመዎት ይኸው ነው። የአንድ ቀን ገጽ ግን ማታ ከገንዘቡ ጋር አብሮ ወደ እርስዎ ስለሚመጣ ነገ የሚሞላ ነገር አይተርፍም። ገጾቹን አስቀድመው ከ1 እስከ 30 ቁጥር ይስጧቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ይታወቃል። የሚሰቀልበት ቦታም ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ነው፤ እስክሪቢቶው በክር ይታሰር። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደንበኛ ያነበዋል እንጂ ሠራተኛ አይሞላውም።

ለእርስዎ ሱቅ የሚሆን ቅጽ እንዲህ ነው። እንዳለ ገልብጠው የማይመለከትዎትን መስመር ያውጡ።

ገጽ ቁጥር ____ ቀን ____ ወር ____ ዓ.ም.

መክፈቻ (የመጀመሪያው ሽያጭ ከመደረጉ በፊት)

| ተ.ቁ | የሚታየው ነገር | የተገኘው | ✓ ወይም ✗ |
|---|---|---|---|
| 1 | ሁለቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ተገኙ | ሰዓት ____ | ☐ |
| 2 | የፍሪጁ ቴርሞሜትር | ____ ዲግሪ | ☐ |
| 3 | በበረዶው ላይ ያለው ሳንቲም | ከላይ / ሰጥሟል | ☐ |
| 4 | የታሸገው መነሻ ብር ተቆጠረ | ____ ብር | ☐ |
| 5 | የሱቁ ስልክ ቻርጅ | ____ ከመቶ | ☐ |
| 6 | የገባ ዳቦና ወተት | ዳቦ ____ ወተት ____ | ☐ |
| 7 | ትናንት ✗ የተደረገበት ነገር | ተስተካክሏል / አልተስተካከለም | ☐ |

የከፈተ ስም ____________ ፊርማ ____________

መዝጊያ (በሩ ለደንበኛ ከተዘጋ በኋላ)

| ተ.ቁ | የሚታየው ነገር | የተገኘው | ✓ ወይም ✗ |
|---|---|---|---|
| 8 | የቀኑ ጠቅላላ ሽያጭ | ____ ብር | ☐ |
| 9 | በስልክ የተከፈለ፣ ከሱቁ ስልክ ላይ የተደመረ | ____ ብር | ☐ |
| 10 | ዛሬ በዱቤ የተሰጠ / በጥሬው የተመለሰ ዱቤ | ____ / ____ ብር | ☐ |
| 11 | ከመሳቢያው የወጣ ወጪ | ____ ብር | ☐ |
| 12 | በእጅ የተቆጠረ ጥሬ ብር | ____ ብር | ☐ |
| 13 | ልዩነት (ትርፍ ወይም ጉድለት) | ____ ብር | ☐ |
| 14 | ያልተሸጠ ወተት / የመጠቀሚያ ቀኑ | ____ / ____ | ☐ |
| 15 | ሻማና ምድጃ ጠፍቷል፤ የፍሪጁ ብሬከር እንደበራ ነው | | ☐ |
| 16 | ሁለቱም ጓጉንቸሮች ተቆልፈው ተጎትተው ታዩ | ሰዓት ____ | ☐ |

አስረካቢ ____________ ፊርማ ____________
ተረካቢ ____________ ፊርማ ____________

ማስታወሻ (✗ ለተደረገበት ሁሉ)፦ ____________________________

✗ ማድረግ ጥፋት እንዳልሆነ ለልጆቹ ደጋግመው ይንገሯቸው። ✗ ያለበት ገጽ በደንብ የታየ ገጽ ነው። ለ✗ ቁጣ የሚከተል ከሆነ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ራይት ይሆናል፣ ወረቀቱም ያን ጊዜ ያበቃለታል።

ከመስመሮቹ ውስጥ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸውን ጥቂቶቹን ብቻ እንይ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ሳንቲም ለመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሌሊት 6 ሰዓት ጠፍቶ 11 ሰዓት ቢመጣ፣ ጠዋት 1 ሰዓት የምትከፍተው ልጅ የምታገኘው የቀዘቀዘ ፍሪጅ ነው። ቴርሞሜትሩም ደህና ቁጥር ያሳያታል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ኩባያ ውሃ ሞልታችሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሙሉ በሙሉ በረዶ ከሆነ በኋላ የአንድ ብር ሳንቲም ከላይ አስቀምጡበት። ሌሊት በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሙ ይሰጥማል። መብራት ሲመጣ ውሃው ተመልሶ ቢጋገርም ሳንቲሙ ከታች እንዳለ ይቀራል። ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶ ቤቱ አልቀለጠም ማለት ነው። መሐል ላይ ከተገኘ በከፊል ቀልጧል፣ ከታች ከተገኘ ደግሞ ለረጅም ሰዓት መብራት አልነበረም። ያን ጊዜ በረዶ ቤት የነበረው ሥጋም ሆነ አይስክሬም ሳይሸጥ ለእርስዎ ይደወላል፤ ማስታወሻውም ላይ ይጻፋል።

ሳንቲሙ የሚናገረው ስለ በረዶ ቤቱ መሆኑን ግን አይርሱ። ወተትና እርጎ የሚቀመጥበት ክፍል ከዚያ በፊት ይሞቃል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ በየደቂቃው ከተከፈተ ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ሳንቲሙ ሰጥሞ ከተገኘ የወተቱ ነገር ያለቀ ነው ብለው ይያዙት። ሳንቲሙ ከላይ ሆኖ ቴርሞሜትሩ ከ4 ዲግሪ በላይ ካሳየ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የበሩ ጎማ ነው። ጎማው ላይ ወረቀት አጣብቀው ይዝጉና ይሳቡት፤ ወረቀቱ ሳይይዝ ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ በኩል እያመለጠ ነው።

አስራ አምስተኛውን መስመር እንዲህ ረዘም አድርገን የጻፍነው በምክንያት ነው። ብዙ ቼክሊስት «ሁሉም ኤሌክትሪክ ጠፍቷል» ይላል። ታዛዡ ልጅ ማታ ዋናውን ብሬከር ያወርዳል፣ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል። በብሬከር ሳጥኑ ላይ የፍሪጁን ለይተው በፕላስተር «ፍሪጅ፦ አይነካም» ብለው ይለጥፉበት። ሻማንም በስም የጠራነው መብራት በጠፋበት ማታ የተለኮሰ ሻማ ከካርቶን አጠገብ የሚረሳው በመዝጊያ ጥድፊያ ሰዓት ስለሆነ ነው።

አስራ አራተኛው መስመር ከጾም ጋር ይያያዛል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾም ደግሞ ሳምንቶቹን ሁሉ፣ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የተጻፈው የወተት ቀሪ ለነገ ምን ያህል ማዘዝ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። ቀኑን ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ፤ በፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ልጆቹ እንዳይምታታባቸው የዘመን መቁጠሪያ ከፍሪጁ ጎን ይሰቀል፣ በሁለቱም አቆጣጠር የታተመው ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የጠብዎ መነሻም እሱ ነው። 340 ብር «ጎደለ» ለማለት መጀመሪያ ስንት መገኘት እንደነበረበት መታወቅ አለበት። ለዚህ መስመር 4 እና ከመስመር 8 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ብቻ ያስፈልጉናል። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ እንበል። ጠዋት የተገኘው መነሻ 1,500 ብር ነው። የቀኑ ሽያጭ 14,890። ከዚህ ውስጥ በቴሌብርና በባንክ የተከፈለ፣ ከስልኩ ሳይደመር ከሽያጭ ደብተሩ የተወሰደ፣ 4,320፤ በዱቤ የተሰጠ 1,150። አንድ የቆየ ባለዕዳ 600 ብር በጥሬው መለሰ። ለዳቦ አቅራቢ 900፣ ለተሸካሚ 80፣ በድምሩ 980 ብር ከመሳቢያው ወጣ።

መነሻው ላይ ሽያጩን ይደምሩ፤ 16,390 ይሆናል። በስልክ የተከፈለው መሳቢያ ውስጥ ስለማይገባ ይቀንሱት፤ 12,070። ዱቤውም ገና ብር አልሆነም፤ ሲቀነስ 10,920። የተመለሰው ዱቤ ግን በእጅ የገባ ገንዘብ ነውና ይደመራል፤ 11,520። ወጪው ሲወጣ 10,540 ብር በመሳቢያው መገኘት አለበት።

ቆጠራው በየብሩ ዓይነት ተለይቶ በገጹ ጀርባ ይጻፍ። 200 ብር 31፣ 100 ብር 28፣ 50 ብር 16፣ 10 ብር 32፣ 5 ብር 12፣ የአንድ ብር ሳንቲም 20። ድምሩ 10,200 ነው። 340 ብር ጎድሏል።

እዚህ ላይ ማንም ስለማንም ከመናገሩ በፊት የሱቁ ስልክ ይከፈት። የገቡት መልእክቶች አንድ በአንድ ሲደመሩ 4,660 ሆኑ፤ ደብተሩ ላይ ግን 4,320 ነው የተጻፈው። ልዩነቱ ልክ 340 ነው። የ340 ብሩ መልእክት 14:20 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:20 ነው። ደብተሩ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ የ340 ብር ሽያጭ አለ፣ የተጻፈው ግን «ጥሬ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው። ብሩ የትም አልሄደም፤ ከመሳቢያው ይልቅ ስልኩ ውስጥ ነው ያለው። መልእክቶቹን ከደብተሩ ጋር ሲያስተያዩ 6 ሰዓት መቀነስን ከለመዱ እንዲህ ያለ ስሕተት በአምስት ደቂቃ ይገኛል።

ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ክፍያው የሚገባበት ስልክ ሱቁ ውስጥ መሆን አለበት። ገንዘቡ በእርስዎ ስልክ የሚገባ ከሆነና እርስዎ ቤት ካሉ፣ ልጆቹ የሚያዩት ደንበኛው ስልክ ላይ ያለውን ምስል ብቻ ነው። ያ ምስል ደግሞ የትናንት ወይም የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል። ለሱቁ የራሱ ሲም ይኑረው፤ በራሱ ስልክ መልእክት ሳይገባ ዕቃ አይሰጥ። አምስተኛው መስመር ቻርጁን የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ስልኩ ካላስታረቃችሁ ልዩነቱን ራሱን እዩት። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁለት አሃዝ ቦታ የተለዋወጠበት ሊሆን ይችላል፤ 520 የሆነው 250 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ 270 ይመጣል። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል ከቀኑ ወጪዎች አንዱን ከሰጠ፣ ያ ወጪ በመቀነስ ፈንታ ተደምሯል። በምሳሌያችን ለተሸካሚ የተሰጠው 80 ተደምሮ ቢሆን ጉድለቱ 160 ይሆን ነበር። ልክ 100 ብር ከጎደለ ደግሞ በመልስ አሰጣጥ ላይ 200 በ100 ምትክ ወጥቶ እንደሆነ መጠርጠር ነው፤ እሱን ወረቀት አያገኘውም። ይህ ሁሉ ተፈትሾ ያልተገኘው ልዩነት በመስመር 13 እንዳለ ይጻፍ። ሠራተኛ ከኪሱ እንዲሞላ፣ ትርፉንም ወደ ኪሱ እንዲከት አይፈቀድ። የዛሬ ትርፍ የትናንትን ጉድለት ሲሸፍን ሁለቱም ስሕተት ተደብቆ ይቀራል።

ከዚያ መነሻው ለነገ ይለያል። 1,500 ብር ሁልጊዜ በዝርዝር ይሁን፦ በምሳሌያችን ሦስት መቶ ብር በባለ 100፣ 800 በባለ 50፣ 320 በባለ 10፣ 60 በባለ 5፣ 20 በሳንቲም። ይህ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፤ የዘጋው ልጅ መዝጊያው ላይ ግማሹ ፊርማ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይፈርማል። የቀረው 8,700 ብር ለእርስዎ ይሰጣል። ገጹም አብሮ ይመጣል፤ ተረካቢ ብለው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፣ ዓይንዎ እያየ ከተቆጠረ በኋላ።

ጠዋት የምትከፍተው ልጅ ፖስታውን የምትቀድደው ፊርማው ያልተነካ መሆኑን አይታ ነው። 1,500 ካልሞላ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ትደውላለች። አንድ ደንበኛ ከተስተናገደ በኋላ ግን ጉድለቱ የሌሊት ይሁን የጠዋት ማንም አያውቅም፤ «ማታ ነው፣ ጠዋት ነው» የሚለው ክርክር የሚወለደው በዚህ ክፍተት ነው። በየመስመሩ ማስፈረም አያስፈልግም። ሦስት ፊርማ ይበቃል፦ የከፈተች፣ ያስረከበ፣ የተረከበ። እያንዳንዱ ፊርማ ገንዘቡ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የተላለፈበት ቦታ ላይ ነው። ቀን ላይ እሷ ወጥታ እሱ የሚገባ ከሆነም በዚያች ሰዓት መሳቢያው ተቆጥሮ በማስታወሻው ቦታ ቁጥሩና የሁለቱም ፊርማ ይስፈር።

ስሕተት ሲጻፍ በፍሉድ አይጠፋም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፣ የሰረዘው ምልክቱን ያኖራል። በእርሳስ የተሞላ ገጽ ግን አይቀበሉ።

ከደመወዝ መቁረጥን በተመለከተ፣ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ «ይህን ቆጥሬ አግኝቻለሁ» ማለት እንጂ «ከደመወዜ ይቆረጥ» ማለት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለበለዚያ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በወር ከደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ የማክሰኞውን 340 ብር ከልጆቹ አይቁረጡ፤ የማክሰኞውን መልእክቶች ከስልኩ አውጥተው ከደብተሩ ጋር ያስተያዩ።

ቅጹን ለሁለት ሳምንት ከሠሩበት በኋላ ገጾቹን አንድ ላይ ዘርግተው ይመልከቱ። ✗ አንድም ቀን ያልታየበትና ቁጥሩም የማይለዋወጥ መስመር ካለ ያውጡት፤ ማስታወሻ ላይ ተደጋግሞ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ መስመር ይስጡት። በክረምት ለምሳሌ «የስኳርና የዱቄት ጆንያ ከወለል ተነሥቷል» የሚል ይጨመር፤ ውሃ በበሩ ሥር የሚገባው ማታ ዝናብ ሲጥል ነው። ጥር 10 እና 11 ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ 1,500 ብር መነሻ እስከ ረፋድ አይቆይም። ለነዚያ ቀናት 3,000 ያድርጉት፤ ዝርዝሩንም ባንኮች ከመጨናነቃቸው በፊት፣ ከጥር 7 በፊት ያስመንዝሩ።